ስልሳ ካርቶን ቲማቲም

አባቴ ሂሳብ በወረቀት ሲሠራ አይቼው አላውቅም ነበር። ሱቃችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ረዥም፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ የዱቄት ወተትና የታሸገ ቲማቲም በጅምላ የምናከፋፍልበት። የጎረቤት ነጋዴዎች በራፉ ላይ ቆመው "ሠላሳ ሰባት በመቶ ሰማንያ ሲባዛ ስንት ይመጣል?" ይሉታል። እሱ የያዘውን ጋዜጣ እንኳ ሳያወርድ "ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ" ይላል። ካልኩሌተር የያዘ ሰው ሲያይ ዱላ ተደግፎ የሚሄድ ጎረምሳ ያየ ያህል ያዝንለት ነበር። እኔ ደግሞ ሂሳብ የማልወድ፣ ቶሎ የሚሰለቸኝ ሴት ልጁ ነኝ፤ ሱቁ ውስጥ አብሬው የቀረሁትም ወንድሞቼ ሁሉ ወደ ድሬዳዋና ወደ ውጭ ስለተበተኑ እንጂ ንግድ በደሜ ኖሮ አይደለም።

አባቴ ፋክቱር ሲጽፍ የራሱ ደንብ ነበረው። ፋክቱር የምንለው ዕቃ ካስረከብን በኋላ ለደንበኛው የምንልከውን የሂሳብ መጠየቂያ ነው። የዕቃውን ብዛት በካርቶን ይጽፋል፤ ምክንያቱም ኩሊዎቹ የሚጭኑትም፣ የደንበኛው መጋዘን ጠባቂ የሚቆጥረውም ካርቶን ነው። ዋጋውን ግን በጣሳ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ሰው የሚከራከረው በጣሳ ዋጋ ነው። አንድ ካርቶን ስንት ጣሳ እንደሚይዝ ወረቀቱ ላይ አይጽፍም። እሱን በጭንቅላቱ ያባዛና ድምሩን ብቻ ዳር ላይ ያሰፍራል። ስልሳ ካርቶን፣ ጣሳው በመቶ ሃምሳ፣ ከዚያ ድምር። መሀል ላይ ያለውን ቁጥር እሱ ያውቀዋል፣ ደንበኛው ያውቀዋል፣ ለምን ቀለም ይባክናል? ስንት ጊዜ "አባ፣ ይኼን ነገር ጻፈው" ብዬ ነዝንዤዋለሁ። "የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ይጠይቅ" ብሎ ያልፈኛል።

ትልቁ ደንበኛችን ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ነው። እዚያ የነበሩት አሮጌ የሂሳብ ሹም የአባቴን ፋክቱር እንደ ዘመድ ደብዳቤ ያነቡት ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጡና በቦታቸው አንዲት ወጣት የጅቡቲ ልጅ ተተካች። ረጋ ያለች፣ ሻሿን አሳምራ የምታስር፣ አባቴን "አዴር" የምትል ልጅ ናት፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ከእሷ ጋር ደግሞ አዲስ የሂሳብ ፕሮግራም ገባ። ፋክቱሩ ላይ ያለውን ብዛትና ዋጋ ሲሞሉለት ድምሩን ራሱ ያወጣል፤ የሻጩን ድምር አይቀበልም።

አንድ ቀን የሆቴሉ ቼክ መጣ። ከቼኩ ጋር የተያያዘውን ዝርዝር ሳየው ሩዙ ልክ ነው፣ ዘይቱ ልክ ነው፣ ቲማቲሙ ላይ ስደርስ ዘጠኝ ሺህ ፍራንክ ይላል። ስልሳ ካርቶን ቲማቲም በዘጠኝ ሺህ! በዚህ ዋጋ ሁለት ካርቶን ተኩልም በመከራ ነው የሚገዛው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ማሽኑ ያደረገውን ወዲያው ነበር የገባኝ፤ ስልሳን ወስዶ በመቶ ሃምሳ አባዝቷል። ካርቶን ውስጥ ጣሳ እንዳለ ማን ይንገረው? ቀጥሎ ተናደድኩ፤ እኔ ደግሞ ስናደድ አላድርም። የማስረከቢያውን ወረቀት ቀሪ ያዝኩና በዚያ ሙቀት ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። በጭንቅላቴ የያዝኩት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ ነበር። ካርቶኑ ሃያ አራት ጣሳ ይይዛል፤ ሃያ አራት በመቶ ሃምሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ፤ እሱ በስልሳ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ። ይኼን ያህል እኔም አውቃለሁ።

ልጅቷ አላቋረጠችኝም። በፈረንሳይኛ ጀምሬ በሶማልኛ እስክጨርስ ጠብቃ፣ ፕሮግራሙ እንዴት እንዳሰበው በስክሪኑ አሳየችኝ፤ ስህተት መሆኑ ለእሷም ታይቷታል፣ ግን በገዛ እጇ ድምር መለወጥ አትችልም። ቀጥላ የአባቴን ፋክቱር ከፋይል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።

"እኔን የጨነቀኝ ግን ይኼ ነው" አለች። "አዴር የጻፉትም ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ አይደለም።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚያዘነብልበት ያ ቆንጆ የድሮ ጽሑፍ። አንድ መቶ ስምንት ሺህ። ግማሹ።

ፋክቱሩ ከሱቃችን ሲወጣ እኔ አላየሁትም፤ የአባቴን ድምር ማየት ፀሐይ መውጣቷን የማጣራት ያህል ነበርና። እዚያው ወንበር ላይ ስልሳን በምን ቢያባዛው እዚህ እንደሚደርስ ማሰብ ያዝኩ። ስልሳ በአሥራ ሁለት፣ ሰባት መቶ ሃያ። በመቶ ሃምሳ፣ አንድ መቶ ስምንት ሺህ። አሥራ ሁለት! ድሮ፣ እኔ ገና ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ስማር፣ የቲማቲሙ ጣሳ ትልቁ ነበርና ካርቶኑ አሥራ ሁለት ይይዝ ነበር። ያ ጣሳ መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ ነው።

ልጅቷ ሁለት መንገድ አለ አለችኝ። አንደኛው፣ እኛ ምንም ሳንጽፍ በፋክቱሩ ላይ ያለውን አንድ መቶ ስምንት ሺህ ብቻ መቀበል። የፕሮግራሙን ስህተት በእሷ በኩል አስፈቅዳ ታስተካክለዋለች፣ ቀሪው ይከፈለናል፣ የአባቴ ቃልም አይነካም። ግን ግማሹ ዕቃችን በነፃ ሄደ ማለት ነው፤ ዕቃውን ካስመጣንበት ዋጋ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የሆቴሉ አዲስ ዳይሬክተር ከትዕዛዙ ጋር ያልገጠመ ፋክቱር ያላቸውን ነጋዴዎች እየለየ ከአቅራቢዎች ዝርዝር እያስወጣ ነው፤ ትዕዛዙ ላይ ደግሞ ስልሳ ካርቶን፣ ካርቶኑ በሦስት ሺህ ስድስት መቶ ተብሎ ነው የተጻፈው። ሁለተኛው መንገድ ደብዳቤ ነው። መስመሩ ላይ የተሳሳተው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳባዛውና እንዴት እንዳባዛው፣ ትክክለኛው ስንት እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ፣ ማኅተም ታትሞበት፣ የንግድ ፈቃዱ ባለቤት የፈረመበት ደብዳቤ።

የንግድ ፈቃዱ ባለቤት አባቴ ነው። ደብዳቤው ተሳስቻለሁ የሚል ነው። ገንዘቡን መተው ይሁን እሱን ማስፈረም፣ የቱ እንደከበደኝ አሁንም በደንብ መናገር አልችልም።

ሱቅ ስመለስ አባቴ የተለመደው ቦታው ላይ፣ የተደረደረ የቲማቲም ካርቶን ላይ ክርኑን አስደግፎ ተቀምጧል። ከክርኑ ሥር፣ ካርቶኑ ላይ፣ ሃያ አራት የሚለው ቁጥር በትልቁ ታትሟል። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም፤ መልሱን ይዤ ነው የመጣሁት። ምናልባት ድካም ነበር ብሎ ነገሩ እንዲያልቅ ፈልጌ ይሆናል።

"አባ፣ የቲማቲሙ ካርቶን ስንት ጣሳ ነው የሚይዘው?"

"አሥራ ሁለት" አለኝ፣ ቀና ሳይል። ቀጥሎ ከመነጽሩ በላይ እያየኝ ፈገግ አለ። "ምነው፣ ዛሬ ነው እንዴ ሱቅ የገባሽው?"

ሃያ አራት ነው አልኩት። አሥራ ሁለት ነው አለኝ። ክርኑን አንስቼ የታተመውን ቁጥር አሳየሁት። አየው፤ ረዘም አድርጎ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አባቴ ላይ አይቼው አላውቅም፤ አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ የማያውቃቸው ዕቃዎች ሲያጋጥሙት የሚሆነውን ነው የሆነው። ከዚያ እጄን ቀስ አድርጎ አነሳና ክርኑን ቁጥሩ ላይ መልሶ አሳረፈ። "ፋብሪካው እንዳሻው ይጻፍ" አለ። ወደ ኋላ ሄጄ፣ ከሩዙ ማዳበሪያ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። በአንድ ፋክቱር አልነበረም ያለቀስኩት። ከዚያ በፊት በነበረው ረመዳን ዘካ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰው መስጠቱ፣ የባንኩን መንገድ አልፎ እስከ ወደቡ መሄዱ፣ እኔ ደግሞ እርጅና ነው ብዬ መሳቄ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት በቀትር ነው፤ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ በተቀመጠበት፣ የሱቃችን መዝጊያ በግማሽ ወርዶ ቬንትሌተሩ በሚያጉረመርምበት ሰዓት። አባቴ ቤት ሄዶ ተኝቷል። ፈረንሳይኛዬ ለደብዳቤ ይበቃል፤ ያስቸገረኝ ፈረንሳይኛው አልነበረም። ሦስቱን ወረቀቶች ፊቴ ደረደርኩ፦ የሆቴሉን ትዕዛዝ፣ መጋዘን ጠባቂው ስልሳ ካርቶን ተረክቤያለሁ ብሎ የፈረመበትን የማስረከቢያ ወረቀት፣ የአባቴን ፋክቱር። ከዚያ ጻፍኩ። በፋክቱራችን የቲማቲም መስመር ላይ ብዛቱ በካርቶን፣ ዋጋው በጣሳ ተጽፏል። በመሆኑም በናንተ በኩል ሁለቱ በቀጥታ ተባዝተው ዘጠኝ ሺህ ተከፍሏል። እኛ የጻፍነው አንድ መቶ ስምንት ሺህም ትክክል አይደለም፤ በካርቶን አሥራ ሁለት ጣሳ ተብሎ የተባዛ ነው፤ የተረከባችሁት ካርቶን የሚይዘው ሃያ አራት ነው። ትክክለኛው ስልሳ ካርቶን በሦስት ሺህ ስድስት መቶ፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ ፍራንክ ነው። ከዚህ የተከፈለው ሲቀነስ ሁለት መቶ ሰባት ሺህ ይቀራል። የቀድሞውን ፋክቱር የሚሰርዝ ወረቀትና አዲስ ፋክቱር ከዚህ ጋር አያይዘናል። አንዴ የወጣ ፋክቱር በእስክሪብቶ አይታረምም፤ ተሰርዞ በሌላ ይተካል። ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

"በእኛ በኩል በተፈጠረ የማባዛት ስህተት" የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ አጥፍቼ መልሼ እንደጻፍኩት። "በቁጥር መዛነፍ" አልኩት፤ ዳይሬክተሩ ይኼ ምንድን ነው ሊል ነው። "በጽሕፈት ግድፈት" አልኩት፤ ውሸት ነው፣ የጽሕፈት ግድፈት አይደለም። መጨረሻ ላይ ያው እውነቱ ቀረ።

አሥር ሰዓት ላይ ስንከፍት ሰጠሁት። ሳያነብ የሚፈርም ሰው አይደለም አባቴ። መነጽሩን ጠርጎ፣ ጣቱን በመስመሮቹ ሥር እያስኬደ በቀስታ አነበበ። ጣቱ ስህተት የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይኼን የተሳሳተው ማነው?"

ድሬዎች ስለሆንን አንቱ መባባል አናውቅበትም፤ አባቴን ከልጅነቴ ጀምሮ በአንተ እየተከራከርኩት ነው ያደግኩት። ያሰብኩትን ሳልናገር ቀርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ አፌ ላይ የነበረው "አንተ ነህ አባ" ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ጥያቄ የአለቃ አልነበረም። ፈርቷል። መልሱን ያውቀው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ትከሻው ሲወርድ አየሁት፤ ትንፋሹ ሁሉ ነው የወጣው። ወንበሩን ጠጋ አደረገልኝና እንድቀመጥ ነገረኝ። አልተቆጣም። እንደውም ድምፁ እንደዚያ ለስልሶ የሰማሁት እናቴ በሞተች ሰሞን ብቻ ነው።

"አይዞሽ ልጄ" አለኝ። "ሰው ይሳሳታል። ዋናው ካርቶኑ የሚይዘውን አለመርሳት ነው። ከእንግዲህ ሳላይ እንዳትልኪ።"

"እሺ አባ።"

ፈረመ። ማኅተሙን ራሱ ተነፈሰበትና ቀጥ አድርጎ መታው። ከሥሩ ያለው ፊርማው ያው የድሮው ነው። ደብዳቤው ላይ ሃያ አራት የሚለውን አንብቦት ይሁን ዘልሎት አላውቅም፣ አልጠየቅኩትምም።

በማግስቱ ደብዳቤውን ራሴ አደረስኩ። የሆቴሉ ልጅ ቁጥሮቹን በእርሳስ ጫፍ እየተከተለች አረጋገጠች፣ እኛ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ መቀበሏን ፈረመችልኝ። ለዳይሬክተሩ ግልጽ የሆነ ደብዳቤ ነው፣ አይመልሰውም አለች። ልሄድ ስነሳ ከአሁን በኋላ ፋክቱሩን ማን እንደሚጽፍ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች፣ ለአዴር ሰላምታ አድርሺልኝ አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ለዚያ ዝምታዋ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ። ገንዘቡ ገባ፣ ከዝርዝሩም አልወጣንም።

ከዚያ ወዲያ ፋክቱር በኮምፒውተር መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ዓምድ ለካርቶን፣ አንድ ካርቶኑ ለሚይዘው፣ አንድ ለጣሳው ዋጋ፣ አንድ ለድምሩ። አባቴ ስንት ዓመት ለመጻፍ እምቢ ያለው ቁጥር አሁን መሀል ላይ ተቀምጧል። ማታ ማታ ከመዝጋታችን በፊት አትሜ እሰጠዋለሁ። እሱ እስክሪብቶውን ይዞ ያያል፤ ቲማቲም ሲያገኝ ሃያ አራትን ይሰርዝና አሥራ ሁለት ብሎ ይጽፋል፣ ድምሩንም ያርማል። ድምሩን ሲያርም አይሳሳትም። አሥራ ሁለት ነው ብለው ከተነሱ ያወጣው ሁሉ ልክ ነበር። "አየሽ፣ አሁንም ትሳሳቻለሽ" ይለኛል። እኔ አመስግኜ እቀበለዋለሁ፣ ለደንበኛው የምልከው ሌላ ነው። ሁሉም ቁጡ ነሽ የሚለኝ እኔ፣ ለእርማቱ ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም። ለጎረቤት ነጋዴዎች ግን ይነግራቸዋል፦ ልጄ አንዴ ለሆቴሉ ስልሳ ካርቶን አበላሽታ ነበር፣ እኔ ነኝ በደብዳቤ ያተረፍኳት። እነሱ ወደ እኔ ያያሉ። እኔ አዎ እላለሁ።

እያደር አርሞ መጨረስ ተሳነው። ቀጥሎ እስክሪብቶውን መያዝ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ሱቅ መምጣቱ ቀረ።

አሁን ካርቲየ 2 ያለው ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው የሚውለው። ሱቅ ዘግቼ ስገባ ለእሱ አንዳንድ ቀን እናቴ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን የማያውቀኝ ደግ ሴት ነኝ፣ ስለ መጣሁ ያመሰግነኛል። በስሜ ከጠራኝ ቆየ። ባለፈው ሳምንት ሾርባውን እያጠጣሁት እጄን ያዘና ፊቴን ለረዥም ጊዜ አየው። የሆነ ነገር ከሩቅ እየመጣለት ነበር።

"አንቺ ያቺ ልጅ አይደለሽም? ካርቶኑን የተሳሳትሽው?"

"ነኝ አባ።"

"ስንት ነው የሚይዘው?"

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

"አሥራ ሁለት" አልኩት።

"ጎበዝ" አለኝ። እጄን መታ መታ አደረገና አፉን ለሾርባው ከፈተ።